ፈንታ በሰው ፊት የቀለደብኝ ቀን

ስለ ራሴ ማውራት አይሆንልኝም። ነገር ግን ሰው ፊት በተጣለች አንዲት ቀልድ የተነሣ ዘመድ ከዘመድ ሲለያይ አይቻለሁ፤ የእኔም ቤት አንዱ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ጥር ቁሐር ሚካኤል በምትባል የገጠር ቀበሌ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

የምኖረው ወረታ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ በከተማው ስልክ ቤት ተቀጠርሁ። ያን ጊዜ መስመር የሚያገናኘው ሰው ነበር። ጥሪ ሲመጣ ገመዱን ሰክተን መጀመሪያ የከተማችንን ስም እንናገራለን፤ "ወረታ!" ደዋዩ ደብረ ታቦርን ወይም ባሕር ዳርን ይለናል፤ እናገናኘዋለን። ንፋስ ሽቦውን ሲያማታው ወይም ዝናብ ሲገባበት መስመሩ ይቆረጥና ስድቡን የምንቀበለው እኛ ነን። "እናንተ ደንቆሮዎች!" "ተኝተሽ ነው?" ከዚህም የባሰ ይባላል።

በጀመርሁበት ሰሞን አንዱን ነጋዴ መልሼ ሰድቤው ሳለቅስ የአለቃችን እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ዝምተኛ ሴት ነበሩ።

"ልጄ፣ እስኪጨርስ ስሚው" አሉኝ። "የመጀመሪያው ትንፋሽሽ ላይ አትመልሺ፤ እሱ የንዴት ነው። በሁለተኛው መልሺ። ድምፅሽን ከእሱ ድምፅ ዝቅ አድርጊ፤ አጭር ተናገሪ፤ ከዚያ ወደ ሥራሽ ተመለሽ። እሱ የሚሰድበው ሽቦውን ነው፤ አንቺ መካከል ላይ ተቀምጠሽ ስለተገኘሽ ነው የሚነካሽ።"

ይህን ተምሬ እስከ ጡረታዬ ሠራሁበት። በሥራ ቦታ ቀላል ነው። የሰደበኝን ሰው መልኩን አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። የሚከብደው የሚያውቅሽ ሰው፣ የሚያምሽን ቦታ የሚያውቅ ሰው፣ እየሳቀ ሲነካሽ ነው።

ባለቤቴ ካሳው ከወሎ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። ልጅ አልሰጠንም። ታናሽ እኅቴ ጥሩወርቅ ቁሐር ሚካኤል ገበሬ አግብታ አምስት ወልዳለች። ሦስተኛዋን፣ ትርንጎን፣ ፊደል ስትጀምር ለእኛ ሰጠችን። በአገራችን የወለደ ላልወለደ እኅቱ ልጅ መስጠቱ አዲስ አይደለም። ትርንጎ "እታለም" እያለች ቤታችንን ሞላችው። ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልክ ቤት እየመጣች ትጠብቀኝ ነበር። ቤት ስንገባ የክብሪት ቀፎ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "ወረታ! ማንን ላገናኝዎት?" ትለኛለች። እኔ ከማጀት ሆኜ "ይፋግን" እላለሁ። "መስመሩ ተይዟል፤ ይጠብቁ" ትልና ትስቃለች።

የጥሩወርቅ ባል ፈንታ ይባላል። ቀልደኛ ነው። እሱ ያለበት ድግስ ላይ ሰው ሆዱን ይዞ ይወጣል። እኔ ለእሱ ዋርሳው ነኝ፤ የሚስት እኅት። ዋርሳ ከዋርሳው ጋር ይቀላለዳል፤ የተፈቀደ ነው፤ የሚቀየም ሰው እንደውም ነውረኛ ይባላል። ካሳው ግን ያደገበት ቤት ቀልድ የሚበዛበት አልነበረም። ፈንታ በቀለደ ቁጥር ፈገግ ይልና ቤት ሲገባ እራቱን ሳይበላ ይተኛል። ዋጠው፤ ዋጠው፤ አንድ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሞላ። ፈንታ በእንግዳ ፊት "መምህር፣ የሰው ልጅ ማስተማር ታውቅበታለህ፤ የራስህን መሥራት ግን ማን ያስተምርህ!" አለው። ሰው ሳቀ። ካሳው ዋንጫውን መሬት ላይ ወርውሮ ተነሣና በአባቱ ስም ሰደበው። ፈንታም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ተሰድቦ ዝም ማለት አልቻለም። "እንግዲያው ልጄን መልሱልኝ!" አለ።

በሰው ፊት የወጣ ቃል ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ምናልባት ሁለቱም በማግስቱ ተጸጽተው ይሆናል፤ ግን መቶ ጆሮ ሰምቶታል። በሳምንቱ ትርንጎን ወሰዳት። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሳያት ሦስት ጊዜ ዞረች። ከዚያ በኋላ ክረምት መጥቶ መካከላችን ያለው ሜዳ ውሃ ሲሞላ፣ ወረታ ዳር ላይ ሆኜ ወደ ቁሐር አቅጣጫ ማየት ልማድ ሆነብኝ። ሩቅ አገር አይደለም። ሆኖም ሄጄ "ልጄን" ልል አልችልም ነበር፤ ልጄ አይደለችምና።

ካሳው ካረፈም ቆየ። ፈንታ ለቅሶው ላይ መጥቶ ደረቱን እየመታ አልቅሷል። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ አልጠፋም፤ መገባባቱ ግን አልተመለሰም። ትርንጎ በሌላ ከተማ ተምራ ነርስ ሆነች። ለበዓል ትደውላለች። እኔ በየቀኑ ጥጥ እፈትላለሁ። ለማን እንደምፈትል ለማንም አልተናገርሁም።

ባለፈው ጥር ጥሩወርቅ ደወለች። "እታለም፣ ትርንጎን ልንድር ነው። ይፋግ ነው የምትገባ። ቀድመሽ ነይ፤ አደራ።"

የፈተልሁትን ጥጥ ሸማኔው ኩታ አድርጎ ጨርሶ ሰጠኝ። ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ጠቅልዬ ይዤው በባጃጅ ሄድሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ሩዙ ታጭዷል፤ ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ላሞቹ ቃርሚያው ላይ ተበትነዋል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ተራ በተራ መደብ ላይ የተቀመጡትን የአባቷን፣ የእናቷን፣ የታላላቆቿን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። ከዚያ መደብ ላይ ልቀመጥ እመኛለሁ። ልጠይቅ ግን አልችልም። ይህ ቦታ ይሰጣል እንጂ አይጠየቅም።

ዳሱ ከባሕር ዛፍ ግንድና ከሸራ ተሠርቶ ዘመድ ሞልቶበት ነበር። የሩዝ ጠላ ይቀዳል። ፈንታ መካከል ላይ ቆሞ ዋንጫውን ይዞ ያወራል። እኔ ደጃፉ ላይ ብቅ ስል ወሬውን አቋርጦ እጁን ዘረጋ።

"ኧረ ወገን፣ ተአምር እዩ!" አለ ጮክ ብሎ። "በቅሎ ወልዳ ልትድር መጣች!"

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ኧረ በስመ አብ፣ ምን ያለው ነው!" ስትል እሷም እየሳቀች ነበር። በቅሎ እንደማትወልድ ሕፃንም ያውቃል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ጆሮዬ ነው፤ ጋለ። ኩታውን የያዝሁበት እጅ ጠበቀ። በመጀመሪያው ትንፋሽ አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዛሬም አልጽፈውም፤ ስለ እሱ እናት ነበር። ዞሮ መሄድም ታየኝ፤ አስፋልቱ ሩቅ አይደለም። አብሮ መሳቅም ታየኝ፤ ካሳው ለዓመታት ያደረገው ይህን ነው፤ የት እንዳደረሰው አይቻለሁ።

ትንፋሹን አስወጣሁት። ሰው እስኪስቅ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ፈንታን አየሁት። የሚያየው እኔን አይደለም፤ ዓይኑ ሰዎቹ ፊት ላይ ይሯሯጣል፤ ማን ሳቀ፣ ማን ቀረ ይላል። ሊጎዳኝ ፈልጎ ቢሆን እኔን ባየ ነበር። ይህ ሰው በማግስቱ ልጁ ልትሄድበት የተጨነቀ ሰው ነው አልሁ በልቤ። ሕመሜ ግን አልቀነሰም። ምን ልበል የሚለው ብቻ ቀለለልኝ።

"እውነትህን ነው ፈንታ፤ በቅሎ አትወልድም" አልሁ። ድምፄን ከእሱ ዝቅ አድርጌ፣ ግን ዳር ያለው እንዲሰማ። "ሸክም ግን ታደርሳለች። ይኸው ይዤ መጣሁ። አሁን የት ላራግፍ?"

አሁንም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሌላ ሆነ። አሮጊቷ "እሰይ! አገኘችህ!" አለችው። አንድ ወጣት ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ቀልደኛ ሰው ግን ሳቁ ከእጁ ሲወጣ አይወድም፤ መልሶ ሊይዘው ይፈልጋል። ልቀመጥ ስል ደገመኝ።

"እሷስ ደኅና ናት" አለ። "ያ መምህሯ ቢኖር ኖሮ ይሄኔ ዋንጫዬን ሰብሮ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ወረታ በሩጫ ገብቶ ነበር!"

የሳቀው ጥቂት ነው። ሌላው ሰው ወደ እኔ ዞረ። ያን ነገር የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደምል ሊያይ ፈለገ። ጥሩወርቅ ከጓዳው በር ላይ እንስራ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ያ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ተመልሶ ሊመጣ አንድ ቃል ነው የቀረው። ቃሏም አፌ ውስጥ ነበረች።

ይህንን በቀልድ ልመልሰው አልፈለግሁም። ቀልድ ብመልስ ሦስተኛ ይመጣል። ደግሞ የሞተ ባሌን ለሳቅ አልሰጥም። ግን ብጮህ ካሳውን ራሱን ሆንሁ።

እንደገና ተነፈስሁ። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት፤ በቁጣ አይደለም፤ መስመር ላይ ያለ ሰው ስም እንደሚጠራ ጠራሁት።

"ፈንታ።"

"አቤት" አለ፤ ሳያስበው።

"በእኔ ቀልድ፤ ዋርሳህ ነኝ። በሞተው ግን ተው።"

ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ማብራራት ብጀምር ድምፄ ይሰበር ነበር። ወደ ጥሩወርቅ ዞሬ "ትርንጎ የት ናት? ኩታውን ልስጣት" አልሁ። እኅቴ እንስራውን አስቀመጠችና እጄን ይዛ አስገባችኝ። ከኋላዬ ያቺ አሮጊት "በል እንጂ ፈንታ፣ ጠላው አለቀ፤ ቅዳ!" ስትለው ሰማሁ። ወሬውም ተመለሰ።

ትርንጎ ውስጥ ሆና ሰምታ ነበር። ኩታውን ፈትቼ ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርግላት ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

"እታለም፣ አንቺ ነሽ የፈተልሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"ቆየ" አልኋት። ከዚህ በላይ አልጠየቀችኝም።

ሁላችሁም ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሰው ፊት ረጋ ብሎ መመለስ ግማሹ ነው። ግማሹ እዚያው ከቀረ ሕመሙ ሆድ ውስጥ ይቀመጥና ሌላ ጊዜ ዋንጫ ያስወረውራል። አለቃዬ ያስተማሩኝ ለስልክ ይሠራ ነበር፤ ስልኩን ስዘጋው ደዋዩ ይጠፋል። ፈንታ አይጠፋም። እኔም ሽቦ አይደለሁም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ፈንታ ከብቶቹን ሊያስገባ ወደ ገለባው ክምር ሲሄድ አየሁት። ብቻውን ነበር። ተከተልሁት። ሰው ቢኖር አልሄድም ነበር፤ ሰው ካለ እሱም መልስ ለሰው ይመልሳል እንጂ ለእኔ አይመልስም።

"ምነው፣ ልትገርፊኝ መጣሽ?" አለኝ እየሳቀ።

"ለዚያ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ሰምተህ ጨርስልኝ።"

ገለባ መምዘዙን ቀጠለ። እጁ ሲቆም ጀመርሁ።

"ቀልድህን አልጠላም። አንተ የሌለህበት ድግስ ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን 'በቅሎ' ስትለኝ ሰው ለአንድ አፍታ ይስቃል፤ እኔ ይዤው ወረታ እገባለሁ፤ ብቻዬን ነኝ፣ የሚያስረሳኝ የለም። በሌላው ሁሉ ቀልድብኝ። በእርጅናዬ፣ በአረማመዴ፣ በፈለግኸው። በዚህ ግን አትቀልድ።"

"በጨዋታ ነው እኮ! ክፋት አስቤ መሰለሽ?"

"አልመሰለኝም። ክፋት ቢሆን መጥቼ አልነግርህም ነበር።"

ፈንታ ገለባውን ላሟ ፊት ጣለው። ቀልድ ሲፈልግ፣ አንገቱን ሲያክ አየሁት። አላገኘም። ከዚያ ፊቱን ወደ ሜዳው መልሶ ተናገረ።

"ያኔ ልጅቷን ሳመጣት ታውቂያለሽ ምን እንዳደረገች? እህል አልቀምስ አለች። በእንቅልፏ የምትጠራው አንቺን ነው። እናቷ አጠገቧ ተኝታ 'እታለም' ትላለች። እኔ አባቷ ነኝ፤ ስመጣ ዝም ትላለች።" የተበተነውን ገለባ በእግሩ ሰበሰበ። "አምስት ወለድሁ። ከእነሱ ሁሉ የእኔ አልሆን ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አንቺን ሳይሽ አፌ ይበላኛል። ምን ላድርግ?"

ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ብቻ በዚህ ሜዳ ላይ አሻግሬ የማይ መስሎኝ ነበር።

"እኔም ናፍቄያት ነበር" አልሁት። በሕይወቴ ለማንም ያላልሁትን ነው።

ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠበቅሁም። ላሟን ጀርባዋን መታ አድርጎ "ነይ፣ ብርድ ሳይመታሽ ግቢ" አለኝ። አብረን ተመለስን።

በማግስቱ ሚዜዎቹ ከይፋግ በጭፈራ መጡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። የመሸኛው ሰዓት ሲደርስ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጠፈ። ፈንታ ተቀመጠ፤ ጥሩወርቅ ከጎኑ፤ ቀጥሎ የፈንታ ታላቅ ወንድም። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆምሁ። ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ የተናገርሁት ቦታ ለመግዛት አይደለም፤ ባይሰጠኝም የተናገርሁት ልክ ነው። እንዲህ ብልም ዓይኔ ከመደቡ አልተነሣም።

ትርንጎ ኩታዬን ለብሳ ወጣች። ልትንበረከክ ስትል ፈንታ እጁን አነሣ።

"ቆይ!" አለ፤ ያው የዳሱ ድምፅ ነው። አንገቱን አስግጎ ከሰው ኋላ ፈለገኝ። "የት ናት ያች ስልክ ቤት?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጆሮዬ ጋለ። ጥሩወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

"ምነው፣ መስመሩ ተቆረጠ እንዴ?" አለ ፈንታ። "ልጅ ልትድሪ መጥተሽ ከኋላ ትደበቂያለሽ? ነይ እዚህ ተሰኪ!" ጥሩወርቅን በክርኑ ገፋ አድርጎ በራሱና በእሷ መካከል ቦታ አበጀ።

ዳሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከልቤ ነው የሳቅሁት። ሌላ ቀልድ ፈልግ ብዬው ነበር፤ ሌሊቱን ፈልጎ አግኝቷል።

ሄጄ ተቀመጥሁ። ትርንጎ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ቀጥላ የእኔን። ግንባሯ ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ተሰማኝ። ልመርቃት ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። "ወልደሽ ሳሚ" ብቻ ወጣልኝ። ፈንታ ከጎኔ "አሜን" አለ።

ከዚያ ሄደች። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ እኔና ፈንታ እኩል ቆመን አየነው። በዚህኛው ጊዜ ዞራ ማየቷን አላውቅም፤ መስኮቱ በሰው ተሸፍኖ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ቀልድ ሁሉ ይመለስ፣ ወይም ቀልድ ሁሉ ይዋጥ አልላችሁም። ሰው ፊት ስትነኩ መጀመሪያ ትንፋሻችሁን አስወጡ። የነካችሁን ሰው ዓይኑን እዩት፤ እናንተን እያየ ነው ወይስ ሳቅ እየለቀመ? በቀልድ የሚታለፈውን በቀልድ እለፉ፤ የማይታለፈውን በአንዲት አጭር ቃል አቁሙት፤ ከዚያ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ሲበርድ ደግሞ ብቻውን ፈልጋችሁ ንገሩት። ላይሰማችሁ ይችላል። እኔ የሰማኝ ዕድል ሆኖልኝ ነው። ካሳው ያን ዕለት ገለባ ክምሩ ድረስ ሄዶ ቢሆን ኖሮ እያልሁ አስባለሁ። እሱ ግን ስልክ ቤት አልሠራም፤ ማንም አላስተማረውም። አልወቅሰውም። እዚያ መደብ ላይ አጠገቤ ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር።

ቤቴ እንደ ድሮው ፀጥ ያለ ነው። ጥጥ መፍተሉን አልተውሁም፤ አሁን ለማን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ እናገራለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተንቀሳቃሽ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የትርንጎን ጥሪ እጠብቃለሁ። ባለፈው እሑድ ቆየብኝ። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ሜዳው ሳይ ጠራ። አነሣሁና ከድሮ ልማዴ የተነሣ ሳላስበው "ወረታ" አልሁ።

ወዲያ ማዶ ሳቅ ሰማሁ።

"ከይፋግ ነው" አለችኝ። "እታለምን ያገናኙኝ።"

"መስመሩ ክፍት ነው" አልኋት።